አክሲዮንን በቅናሽ ለመግዛት ፑት መሸጥ፦ ከስሌቱ እስከ ግብሩ

አንድ አክሲዮን ዛሬ 52 ዶላር ይሸጣል እንበል። ኩባንያውን ያውቁታል፣ ሒሳቡን አገላብጠው አይተዋል፣ ለዓመታት ቢይዙት ደስ ይልዎታል፤ ዋጋው ግን ትንሽ በዝቶብዎታል። ከ49 ዶላር በታች ቢያገኙት ሳያመነቱ ይገዙት ነበር። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ በ49 ዶላር የሊሚት ትእዛዝ አስገብቶ ይጠብቃል፣ ወይ ሲወርድ አየዋለሁ ብሎ ይተወዋል። ሦስተኛም መንገድ አለ። በዝቅተኛው ዋጋ እገዛለሁ ብሎ ለሌላ ሰው ቃል መግባትና ለገቡት ቃል ወዲያው ገንዘብ መቀበል ይቻላል። ፑት መሸጥ የሚባለው ይህ ነው። ቃሉን ለመፈጸም የሚያስፈልገው ገንዘብ በሙሉ ሒሳብዎ ውስጥ ተቀምጦ ሲጠብቅ ደግሞ በካሽ የተሸፈነ ፑት ይሉታል።

የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ የብሮከር ሒሳብ ላላቸውና አክሲዮን ገዝተው ለሚያውቁ ሰዎች ነው። አዲስ አበባ ላይ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ የኦፕሽን ውል አያገበያይም።

ቃሉ ምን ያህል ያስከፍላል፣ ምን ያህል ያስገኛል

አንድ የፑት ውል 100 አክሲዮን ይይዛል። ውሉን የገዛው ሰው እስከ አንድ የተቆረጠ ቀን ድረስ 100 አክሲዮኑን በተቆረጠ ዋጋ ለእርስዎ የመሸጥ መብት አለው። ይህ ዋጋ ስትራይክ ይባላል። እሱ ከፈለገ ይሸጥልዎታል፣ ካልፈለገ ይተወዋል፤ እርስዎ ግን አልገዛም ማለት አይችሉም። ለእሱ ፑቱ አክሲዮኑ ቢወድቅ የሚያድነው መድን ነው፤ እርስዎ ደግሞ መድን ሰጪው ነዎት። ፕሪሚየሙ የሚከፈልዎትም ለዚህ ነው።

ከላይ ባለው አክሲዮን ላይ በምሳሌ እንሥራው። ስትራይኩ 50 ዶላር፣ የቀረው ጊዜ 35 ቀን፣ ፕሪሚየሙ በአንድ አክሲዮን 1.25 ዶላር ነው። አንድ ውል ሲሸጡ 125 ዶላር ሒሳብዎ ውስጥ ይገባል። ብሮከርዎ ደግሞ ምናልባት አክሲዮኑን መግዛት ቢኖርብዎ ብሎ 5,000 ዶላር ይይዛል። ከዚህ በኋላ የሚሆነው በአክሲዮኑ ዋጋ ይወሰናል።

ውሉ በሚያበቃበት ዓርብ አክሲዮኑ ከ50 ዶላር በላይ ከሆነ፣ ገበያ ላይ በተሻለ ዋጋ መሸጥ የሚችል ሰው በ50 ለእርስዎ የሚሸጥበት ምክንያት የለውም። ውሉ ዋጋ አጥቶ ያልቃል፣ 5,000 ዶላሩ ይለቀቃል፣ 125 ዶላሩ የእርስዎ ሆኖ ይቀራል። ለ35 ቀን 2.5 በመቶ ማለት ነው። እዚህ ላይ አንዳንዱ ሰው ካልኩሌተር አውጥቶ ይህንን በዓመት ያባዛና 26 በመቶ አገኘሁ ይላል። አያባዙት። በየወሩ ተመሳሳይ ፕሪሚየም እንደሚገኝና በዓመት ውስጥ አንድም መጥፎ ወር እንደማይመጣ ቆጥሮ የተሠራ ስሌት ነው።

አክሲዮኑ 49 ዶላር ላይ ከዘጋ 100 አክሲዮን በ50 ዶላር ይሰጥዎታል። ይህን አሳይንመንት ይሉታል። 5,000 ዶላር ይከፍላሉ፤ ቀድመው 125 ስለተቀበሉ የእያንዳንዱ አክሲዮን እውነተኛ ዋጋ 48.75 ዶላር ይሆናል። የፈለጉት ይህንኑ ነበር።

38 ዶላር ላይ ከዘጋም ያው በ50 ይገዛሉ። 48.75 ያወጡበት አክሲዮን 38 ዶላር ነው የሚያወጣው፤ በወረቀት ላይ 1,075 ዶላር ከስረዋል። ወደ 60 ከወጣ ደግሞ የሚያገኙት ያችኑ 125 ዶላር ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ቀን በ52 ገዝተውት ቢሆን 800 ያተርፉ ነበር። እንግዲህ ይህ ንግድ ትርፉ ላይ ጣሪያ አለው፣ ኪሳራው ላይ ግን ወለሉ አክሲዮኑ ዜሮ እስኪሆን ድረስ ነው።

ከሊሚት ትእዛዝ ጋር አንድ አይደለም

ፑት መሸጥን “እየተከፈለህ የሚጠበቅ የሊሚት ትእዛዝ” አድርገው የሚያስተዋውቁ ብዙ ናቸው። ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ከዘለሉት ግን ገንዘብ ያስወጣዎታል።

አንደኛ፣ ሊሚት ትእዛዝ ዋጋው ለአምስት ደቂቃም ቢሆን ወደ 49 ከወረደ ይገዛልዎታል። ፑቱ ግን የሚያየው በመጨረሻው ቀን ያለውን ዋጋ ነው ማለት ይቻላል። አክሲዮኑ በአሥረኛው ቀን 46 ደርሶ በማብቂያው ቀን 51 ላይ ቢገኝ፣ ሊሚት ያስገባው ሰው አክሲዮኑን በእጁ ይዞ ሁለት ዶላር አትርፏል፤ ፑት የሸጠው ግን 1.25 ተቀብሎ አክሲዮኑን አላገኘም። አክሲዮኑን የግድ የሚፈልጉት ከሆነ ሊሚት ትእዛዝ ይሻላል።

ሁለተኛው ልዩነት ከባድ የሆነው ነው፤ በእውነተኛ ታሪክ ልንገርዎ። ኢንቴል ኦገስት 1 ቀን 2024 ገበያ ከተዘጋ በኋላ የሩብ ዓመት ውጤቱን አወጣ። ውጤቱ ደካማ ነበር፤ ዲቪደንድ እንደሚያቋርጥና ከሠራተኞቹ ከ15 በመቶ በላይ እንደሚቀንስም አብሮ ተናገረ። በዚያ ቀን 29.05 ዶላር ላይ ዘግቶ የነበረው አክሲዮን በማግስቱ 26 በመቶ ወድቆ 21.48 ላይ ዘጋ።

ሁለት ሰዎች ኢንቴልን በ27 ዶላር ሊገዙ ፈልገው ነበር እንበል። አንዱ የ28 ዶላር ፑት ሸጦ 1 ዶላር ተቀብሏል፤ ሌላው በ27 ሊሚት ትእዛዝ አስገብቷል። ሊሚት ያስገባው ሰው ዜናውን ማታ ሰምቶ ትእዛዙን መሰረዝ ይችላል። ቢተኛና ባይሰማ እንኳ፣ የመግዣ ሊሚት የሚፈጸመው በተባለው ዋጋ ወይም ከዚያ በተሻለ ስለሆነ፣ ጠዋት ገበያው ሲከፈት ከ27 በእጅጉ ባነሰው ዋጋ ይገዛለታል። ፑት የሸጠው ግን መሰረዝ አይችልም። ዋጋው በአንድ ሌሊት ምንም ያህል ቢዘል፣ ውሉ እስኪያበቃ ካልተመለሰ በቀር በ28 ይገዛል፤ አንድ ዶላሩን ሲቀንሱለት 27 ዶላር ይወጣበታል። በዚያን ቀን መዝጊያ ዋጋ አንድ ውል 552 ዶላር ኪሳራ ላይ ነው።

ፕሪሚየሙ የሚከፈልዎት ለመጠበቅ አይደለም፤ ሐሳብዎን የመቀየር መብትዎን ስለሸጡ ነው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ይህን መብት በስንት ዋጋና በምን ሁኔታ መሸጥ እንደሚገባ ለመወሰን ናቸው።

መጀመሪያ አክሲዮኑ፣ ቀጥሎ ፈቃዱ

ፕሪሚየሙን ሳያዩ አክሲዮኑን ይምረጡ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው ሰው የሚጎዳው። ከፍተኛ ፕሪሚየም የሚከፍሉትን አክሲዮኖች ዝርዝር ከፍቶ ከላይ የጀመረ ሰው፣ ገበያው በጣም የሚፈራቸውን አክሲዮኖች ነው የሰበሰበው። ፕሪሚየም የሚወፍረው ትልቅ መዋዠቅ ሲጠበቅ ነው፤ የመድሐኒት ፈቃድ ውሳኔ፣ የፍርድ ቤት ጉዳይ፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት ሊሆን ይችላል። ለራስዎ የሚያቀርቡት ጥያቄ ይህ ነው፦ ፕሪሚየም ባይከፈለኝ እንኳ 100 አክሲዮን በ48.75 ገዝቼ ለሁለት ዓመት እይዛለሁ? መልሱ ከተንተባተበ ይተዉት።

መጠኑንም እዚሁ ይወስኑ። ሒሳብዎ ውስጥ 20,000 ዶላር ካለ፣ ይህ አንድ ውል ሩቡን ይይዛል። ለአንድ ኩባንያ በዛ ካሉ ትክክለኛው እርምጃ ውሉን አለመሸጥ ነው። አቅሜ ለ8 ዶላር አክሲዮን ይበቃል ብሎ የማያውቁትን ኩባንያ መፈለግ መፍትሔ አይሆንም።

ቀጥሎ ከብሮከርዎ የኦፕሽን ፈቃድ ይጠይቁ። ማመልከቻው ስለ ገቢዎ፣ ስለ ልምድዎና ስለ ዓላማዎ ይጠይቃል፤ ስለ ኦፕሽን አደጋዎች የተዘጋጀ ሰነድም ይሰጥዎታል፣ ቢያንስ ስለ አሳይንመንት የሚለውን ክፍል ያንብቡት። በካሽ የተሸፈነ ፑት በአብዛኞቹ ብሮከሮች ዝቅተኛ በሆኑት የፈቃድ ደረጃዎች ውስጥ ይገኛል፤ ብዙዎቹ በጡረታ ሒሳብ ውስጥም ይፈቅዱታል።

አንድ ነገር በጥንቃቄ ይመልከቱ። ሒሳብዎ ማርጂን ከሆነ ብሮከሩ 5,000 ዶላሩን ሙሉ ላይይዝ ይችላል፤ ከአክሲዮኑ ዋጋ አንድ አምስተኛ አካባቢ ወይም ከዚያ ያነሰ ብቻ ሊጠይቅ ይችላል። ስክሪኑ ላይ ገና ብዙ የመግዣ አቅም እንዳለዎት ሆኖ ስለሚታይ፣ በ5,000 ዶላር አራት ውል መሸጥ ይቻላል። ያ ግን የ20,000 ዶላር ግዴታ ነው፤ በካሽ የተሸፈነ መሆኑም እዚያው ያበቃል። ትእዛዝ ሲሞሉ “cash secured” የሚል ምርጫ ካለ እሱን ይጫኑ፤ ከሌለ ስሌቱን በወረቀት ይዘው ገንዘቡን አይንኩት።

ተይዞ የሚቀመጠው ገንዘብ ወለድ ያገኝ እንደሆነም ይጠይቁ። አንዳንዱ ብሮከር ጥሩ ወለድ ይከፍላል፣ አንዳንዱ ከምንም የማይቆጠር። በ4 በመቶ ሒሳብ 5,000 ዶላር በ35 ቀን 19 ዶላር ያህል ያስገኛል። ወለድ የማይከፍል ቦታ ከተቀመጠ ይህ ከ125ቱ ላይ በልብዎ የሚቀንሱት ነው።

ስትራይክና ቀን መምረጥ

የኦፕሽኑን ሠንጠረዥ ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚያዩት የማብቂያ ቀኖቹን ነው። መደበኛው ወርሃዊ ውል በወሩ ሦስተኛ ዓርብ ያበቃል፤ ብዙ የሚገበያዩ አክሲዮኖች ሳምንታዊም አላቸው። እኔ ከ30 እስከ 45 ቀን ባለው እሠራለሁ። ከዚያ ያጠረው ፕሪሚየሙ ጥቂት ነው፤ የረዘመው ደግሞ ለስድስት ወር እጅን ያስራል፣ በስድስት ወር ውስጥ ስለ ኩባንያው ያለኝ አስተያየት ሊቀየር ይችላል።

ቀኑን ከመወሰንዎ በፊት ኩባንያው ቀጣዩን የሩብ ዓመት ውጤት መቼ እንደሚያወጣ ይፈልጉ። ቀኑ ከኩባንያው ድረ ገጽ ላይ የባለሀብቶች ክፍል ውስጥ ይገኛል። ውጤቱ ከማብቂያው ቀን በፊት ከሆነ፣ ያ ወፍራም የሚመስለው ፕሪሚየም የዚያችን ሌሊት አደጋ ዋጋ ጨምሮ ነው። መግባት ክልክል አይደለም፤ ግን የኢንቴልን ሌሊት እያሰቡ ይግቡ።

ስትራይኩን ሲመርጡ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ይሂዱ። የሚፈልጉት ዋጋ ከ49 በታች ነው፤ ስለዚህ ከስትራይኩ ላይ ፕሪሚየሙን ሲቀንሱ ከ49 የሚያንሰውን ይፈልጉ። የ50 ዶላሩ 48.75 ይሰጣል፣ ይበቃል። ሠንጠረዡ ላይ “Delta” የሚል አምድ አለ፤ ለዚህ ፑት የመቀነስ ምልክቱን ትተው ሲያነቡት 0.33 አካባቢ ቢሆን፣ ገበያው በግምት ከሦስት አንድ ጊዜ አክሲዮኑ ከስትራይኩ በታች ያበቃል እያለ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ አክሲዮኑን የማግኘት ዕድልዎም ፕሪሚየምዎም አብረው ያንሳሉ። አክሲዮኑን መግዛት የሚፈልግ ሰው 0.10 ላይ ፑት ሸጦ ለጥቂት ዶላር ትልቅ አደጋ የሚሸከምበት ምክንያት አይታየኝም።

ከዚያ ቢድና አስኩን ይዩ። ገዢዎች 1.15 እየሰጡ ሻጮች 1.35 ቢጠይቁ ክፍተቱ 20 ሳንቲም ነው፤ መካከሉ 1.25 ነው። ክፍተቱ 60 ወይም 70 ሳንቲም ከሆነ ውሉን የሚገበያየው ሰው ትንሽ ነው፤ ሲገቡም ሲወጡም ይበሉዎታል። ትእዛዙ ሁልጊዜ ሊሚት ይሁን፣ በገበያ ዋጋ አይሽጡ።

```
Action:         Sell to Open
Contract:       50 Put
Quantity:       1
Order type:     Limit 1.25
Time in force:  Day
```

ከመላክዎ በፊት ሁለት ቦታ ያረጋግጡ። አንደኛው “Put” የሚለው ነው፤ ከጎኑ ያለውን “Call” መጫን ቀላል ነው፣ እሱ ሌላ ግዴታ ነው። ሁለተኛው ብዛቱ ነው፤ 1 ማለት 100 አክሲዮን እንጂ አንድ አክሲዮን አይደለም። በሩብ ሰዓት ውስጥ ካልተሸጠ ወደ 1.20 ዝቅ ያድርጉት። ከዚያ በታች ስሌትዎ እየተበላሸ ስለሆነ ነገ ይሞክሩ።

ውሉ ክፍት ሳለ

በ15ኛው ቀን አክሲዮኑ 55 ደርሶ ፑቱ 30 ሳንቲም ቢሆን፣ በ30 ዶላር መልሰው ገዝተው መገላገል ይችላሉ። ትእዛዙ Buy to Close ይባላል። 95 ዶላር በእጅዎ ይቀራል፣ 5,000ውም ነፃ ይወጣል። ቀሪዋን 30 ዶላር ለማግኘት ሌላ 20 ቀን የ5,000 ዶላር ግዴታ መሸከም አይጠቅምም። አክሲዮኑን ገና የሚፈልጉት ከሆነ በነፃው ገንዘብ አዲስ ውል መሸጥ ይቻላል፤ ግን ስትራይኩን አክሲዮኑን ተከትለው ወደ ላይ አይግፉት። በ52 ውድ ነው ያሉትን ኩባንያ በ54 ለመግዛት ቃል የሚገቡት ኩባንያው ስለተሻሻለ ነው ወይስ ፕሪሚየሙን ስለለመዱት?

ዋጋው ሲወርድ የሚመጣው ፈተና ሌላ ነው። ፑቱን በኪሳራ መልሶ ገዝቶ የቀጣዩን ወር መሸጥ ሮል ማድረግ ይባላል። ከአሳይንመንት ለመሸሽ ሲሉ ሮል የሚያደርጉ ሰዎች መጀመሪያም አክሲዮኑን አልፈለጉትም ነበር። ኩባንያው ያው ከሆነ ይረከቡት። ኩባንያው በእርግጥ ከተበላሸ ደግሞ ኪሳራውን ተቀብለው ይውጡ፤ ቀጣዩ ወር የተበላሸ ኩባንያ አያድንም።

የአሜሪካ የአክሲዮን ኦፕሽኖች ከማብቂያቸው በፊትም በማንኛውም የሥራ ቀን ሊተገበሩ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ አይሆንም፤ የሚሆነው አክሲዮኑ ከስትራይኩ በጣም ወርዶ ፑቱ ውስጥ የጊዜ ዋጋ ሲያልቅ ነው፣ በተለይ ዲቪደንድ ካለፈ በኋላ። ጠዋት ሒሳብዎን ሲከፍቱ ካሹ ጠፍቶ 100 አክሲዮን ካገኙ የሆነው ይህ ነው።

የመጨረሻው ዓርብ ላይ ልብ ይበሉ። ውሉ በኒው ዮርክ ሰዓት ከቀትር በኋላ 4፡00 ላይ መገበያየቱን ያቆማል፤ የፑቱ ባለቤት ግን እስከ 5፡30 ድረስ ልተግብር ወይስ ልተው ብሎ መወሰን ይችላል። አክሲዮኑ 50.10 ላይ ዘግቶ ተገላገልኩ ብለው ኮምፒውተሩን ሲያጠፉ፣ በ4፡20 መጥፎ ዜና ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ባለው ግብይት ወደ 47 ቢወርድ፣ ቅዳሜ ወይም ሰኞ አክሲዮኑ ሒሳብዎ ውስጥ ይጠብቅዎታል። በአንጻሩ በስትራይኩ ሥር አንድ ሳንቲም እንኳ ገብቶ የዘጋ ፑት ባለቤቱ አልፈልግም ካላለ በቀር በራሱ ይተገበራል። ዋጋው ስትራይኩ አካባቢ ሲያንዣብብ አክሲዮኑን የማይፈልጉት ከሆነ፣ ዓርብ ከቀትር በፊት መልሰው ይግዙት።

ግብሩ

125 ዶላሩ ሒሳብዎ ውስጥ በገባበት ቀን ገቢ ተብሎ አይቆጠርም። ውሉ ዋጋ አጥቶ ካለቀ ወይም መልሰው ገዝተው ከዘጉት፣ ልዩነቱ የአጭር ጊዜ የካፒታል ትርፍ ወይም ኪሳራ ነው፤ ውሉ ምንም ያህል ቢረዝም አጭር ጊዜ ነው። አክሲዮኑ ከተሰጠዎት ግን ፕሪሚየሙ ለብቻው ግብር አይከፈልበትም፤ የመግዣ ዋጋዎን ይቀንሳል። ስለዚህ በመዝገብዎ ላይ 100 አክሲዮኑ የተገዛው በ4,875 ዶላር ሆኖ ይጻፋል፣ የመያዣው ጊዜም የሚቆጠረው አክሲዮኑን ከተረከቡበት ጊዜ ጀምሮ ነው፣ ፑቱን ከሸጡበት ቀን አይደለም።

የዚያኑ ኩባንያ አክሲዮን በቅርቡ በኪሳራ ሸጠው ከሆነ ይጠንቀቁ። ኪሳራው ከተመዘገበበት ቀን 30 ቀን በፊት ወይም በኋላ በፑቱ ምክንያት አክሲዮኑ ቢሰጥዎት፣ የዋሽ ሴል ደንብ ያንን ኪሳራ በዚያ ዓመት ግብርዎ ላይ እንዳይቀንሱት ያደርጋል፤ የተከለከለው ኪሳራ አዲሱ አክሲዮን መግዣ ዋጋ ላይ ይደመራል። በአሳይንመንት ያገኙትን አክሲዮን ሸጠው የብሮከሩ 1099-B ሲመጣ፣ ሽያጩ ባለበት መስመር ላይ የመግዣው ዋጋ 5,000 ነው ወይስ 4,875 የሚለውን አይተው ለሒሳብ ባለሙያዎ ያሳዩት።